ለአብሽር ሒሳብ የቀረበ መከላከያ

ለወዳጅነት ክብር የሚቆረቆር ሰው ዝም ሊል የማይገባው ጊዜ አለ። ባለፈው አረፋ አምስት የባቲ ወዳጆች በጋራ ገዝተው በከፊል የመለሷቸውን ፍየሎች ሒሳብ የተወራረዱበት መንገድ ከኮምቦልቻ በእንግድነት በመጣ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጆሮ ገባ። ሰውየውም በርጫ መካከል፣ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ «ይሄ እንኳን ሒሳብ አይደለም» ብሎ ተናገረ። እንግዳ ነውና በጊዜው መልስ የሰጠው አልነበረም። ይሁን እንጂ የዝምታ ትርጉሙ ስምምነት እንዳይመስል፣ የተነቀፈውን ሥርዓት ከነሙሉ ክብሩ ለአንባቢ ማቅረብ ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በባቲ የሰኞ ገበያ ነው። ከቆላው የሚወጣው አፋር፣ ከዙሪያው የሚመጣው ኦሮሞና አማራ በሳምንት አንድ ቀን የሚገናኙበት፣ ግመሉና ፍየሉ ከሰው የማያንስ ቦታ የሚይዝበት ገበያ ነው። አረፋ ሲቀርብ ደግሞ የፍየል ዋጋ ሽቅብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ብቻውን ከሚከራከር ገዢ ይልቅ ተሰብስቦ የሚገዛ ይከበራል። አምስቱ ወዳጆችም ይህን አውቀው ከአንድ ሻጭ አምስት ፍየሎችን በጅምላ በ50,000 ብር ተስማሙ። በጅምላ መግዛት ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ከጥቅሞቹም አንዱ የትኛው ፍየል በስንት እንደተገዛ ማንም አለማወቁ ነው። ለደላላው 500 ብር፣ ፍየሎቹን ሰፈር ላደረሰው ባጃጅ 500 ብር ተጨምሮ የወጣው ገንዘብ በጠቅላላው 51,000 ብር ሆነ።

በዚያች ሰዓት አራቱ ወዳጆች ገንዘባቸውን አልያዙም ነበር። አንደኛው ግን ይዞ ነበር። «አብሽሩ፤ እኔ ልክፈል፣ በኋላ እንተሳሰባለን» አለና ብሩን ቆጥሮ ለሻጩ አስረከበ። ዛሬ የሚነቀፈው ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከዚህ ቸር ቃል ነው። ከፋዩም ሆነ ሌሎቹ በወረቀት ላይ አንዳች ነገር አላሰፈሩም። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የዕዳን መጻፍ የሚያዘው፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ መሆኑን ከመካከላቸው የማያውቅ የለም፤ እንዲያውም ሁለቱ በቃላቸው ያነቡታል። በቃል የተያዘ ነገር ላይ ብዕር መጨመር ትርፍ ድካም መስሎ ስለታያቸው ተዉት።

ፍየሎቹ ሰፈር ደርሰው ዕጣ ተጣለ፤ ለየሰዉም ፍየሉ ወጣለት። ይህ መሆኑ የግድ ነበር። በሬ ወይም ግመል ለኡድሂያ ሲታረድ እስከ ሰባት ሰው ሊካፈለው ይችላል፤ ፍየል ግን ለአንድ ሰውና ለቤተሰቡ ነው። ስለዚህ ግዢው የጋራ ቢሆንም እያንዳንዱ ፍየል ባለቤት አለው። ማግስቱን ግን በሁለቱ ላይ ነውር ተገኘ። አንደኛው ፍየል አንድ ዓይኑ ታውሯል፤ ሌላው በኋላ እግሩ ያነክሳል። ለኡድሂያ የሚታረድ ፍየል ዓመት የሞላው መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ የአንድ ዓይኑ መጥፋት የለየለት፣ ሕመሙ የታወቀ፣ ማነከሱ የሚታይ ወይም በአጥንቱ መቅኒ እስከማይገኝ የከሳ ከሆነ አይሆንም። ወዳጆቹ በገበያው የአምስቱንም ጥርስ ከፍተው አይተዋል፤ ዓይናቸውን ማየት ግን የጥርስን ያህል ልማድ ስላልሆነ ታለፈ።

በሚቀጥለው ሰኞ ሻጩ በደላላው በኩል ተፈለገ። «ሳምንት ሙሉ ገበያ አሳጣችሁኝ» ብሎ ተቆጣ፤ ያነከሰውንም «ባጃጅ ላይ የሰበራችሁት እናንተው ናችሁ» አለ። ሽማግሌ ገብቶ ነገሩ ሲበርድ ዓይነ ስውሩን በ8,000፣ አንካሳውን በ9,000 ብር ተቀበለ። 17,000 ብርም በከፋዩ እጅ ተመለሰ። ዓይነ ስውሩ ፍየል በዕጣ የደረሰው ወዳጅ ከዘመዶቹ ጋር በበሬ ገባ። አንካሳው የደረሰው ወዳጅ ምን እንዳደረገ መናገርም ሆነ ስሙን መጥቀስ ትሕትናዬ አይፈቅድልኝም።

ከበዓሉ በኋላ አምስቱ ተቀመጡና ሒሳባቸውን በሦስት ድንጋጌዎች ፈጸሙ። አንባቢ እያንዳንዱን ድንጋጌ በጥሞና እንዲመዝን እለምናለሁ፤ አንዱም ቢሆን ነቀፋ የሚገኝበት አይደለምና።

የመጀመሪያው ድንጋጌ እኩልነት ነው። ወጪው የጋራ ስለነበር 51,000 ብር ለአምስት ተካፍሎ በነፍስ ወከፍ 10,200 ብር ተመደበ። በዚህ የተከራከረ የለም።

ሁለተኛው ድንጋጌ ፍትሕ ነው። ፍየሉን የመለሰ ሰው የሌለውን ፍየል ዋጋ ሊከፍል አይገባውም። ስለዚህ ዓይነ ስውሩን የመለሰው ከ10,200 ብር ላይ 8,000፣ አንካሳውን የመለሰው 9,000 ብር ይቀነስላቸው ተባለ። ይህንንም የተቃወመ አልነበረም።

ሦስተኛው ድንጋጌ ወንድማማችነት ነው። በጋራ የወጣ ገንዘብ ሲመለስም የጋራ ነው። ወጪውን ለአምስት ያካፈለ ጉባኤ ተመላሹን ለሁለት ቢሰጥ፣ በመከራ አብረን፣ በደስታ ለየብቻ ማለቱ ይሆን ነበር። ስለዚህ 17,000 ብሩ ለአምስት ተካፍሎ ከእያንዳንዱ ድርሻ ላይ 3,400 ብር እንዲቀነስ ተወሰነ። ይህ ድንጋጌ ሲነበብ ከአምስቱ የማይስቅ ፊት አልነበረም፤ ከፋዩ ራሱ 3,400 ብር ተቀንሶለት ድርሻው 6,800 ብር ብቻ መሆኑ ሲነገረው «አልሐምዱ ሊላህ» ብሏል።

ውጤቱም የሚከተለው ሆነ። ፍየላቸውን ያስቀሩት ሁለቱ ወዳጆች እያንዳንዳቸው 6,800 ብር ለከፋዩ በቴሌብር ላኩለት። ዓይነ ስውሩን የመለሰው ግን ከ10,200 ብር ላይ 8,000 እና 3,400 ሲቀነስለት ዕዳው ከዜሮ በታች 1,200 ብር ሆነ፤ ስለዚህ ከፋዩ 1,200 ብር ሰጠው። አንካሳውን የመለሰውም በዚያው መንገድ 2,200 ብር ከከፋዩ ተቀበለ። እኚህ ሁለት ሰዎች ወደ ገበያ ሲሄዱ ያልያዙትን ገንዘብ ይዘው ተመለሱ። ፍየል ሳይኖራቸው፣ ሳያልቡ፣ ሳይደልሉ፣ በመመለስ ብቻ ያተረፉ የመጀመሪያዎቹ የባቲ ነጋዴዎች ሳይሆኑ አይቀሩም። ደግሞም ትርፉ ለነውሩ መጠን የተመጠነ ነው፤ ነውሩ ቀለል ያለው ፍየል የበለጠ አትርፏል። ይህን ሚዛን የሚያህል በየትኛው የንግድ ሕግ ይገኛል?

ስለ ከፋዩ የሚባለውን አላድበሰብስም። ወደ ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ ቆጠረችለት። የወጣው 51,000፣ ከሻጩ የተመለሰው 17,000፣ ከወዳጆቹ የገባው 13,600፣ ለሁለቱ የሰጠው 3,400 ብር ነው። እርሷ ደምራና ቀንሳ ፍየላቸው 23,800 ብር እንደፈጀ ደረሰችበት። «ድርሻህ 6,800 ነው አላሉህም ወይ?» ብላ ጠየቀችው፤ «አዎ፣ ድርሻዬ እሱ ነው» አላት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። ድርሻው 6,800 ነው፤ የከፈለው 23,800 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 17,000 ብር ሲሆን፣ ይህ አኀዝ ሻጩ ከመለሰው ገንዘብ ጋር እስከ መጨረሻዋ ብር መግጠሙን አንዳንዶች በጥርጣሬ ያዩታል። እኔ የማየው መግባባትን ነው፤ ቁጥሮች እንኳን በዚያ ጉባኤ እርስ በርስ ተስማምተው ነበር። ከዚህም በላይ በባቲ ገበያ በዚያ ዓመት 23,800 ብር የወጣበት ተራ ፍየል መኖሩን አልሰማሁም። የባቲ ፍየል ቆዳ በዓለም የቆዳ ገበያ በከተማዋ ስም እስከ መጠራት የደረሰ ነው፤ ዋጋው ለስሙ የሚመጥን ሆኖ የተገኘው ግን ያኔ ገና ነው።

አሁን ወደ ከሳሹ ልመለስ። የሒሳብ ሠራተኛው መጀመሪያ የጠየቀው «ከከፋዩ ኪስ ወጥቶ ያልተመለሰው ስንት ነው?» የሚል ነበር። የወጣው 51,000፣ ሻጩ የመለሰው 17,000፣ የቀረው 34,000 ብር ነው። «እንግዲህ የአምስታችሁ ድርሻ ሲደመር 34,000 መምጣት አለበት። ካልመጣ አንድ ሰው እየተጎዳ ነው» አለ። ከዚያም የወዳጆቹን ድርሻ ደመረ። ሦስት ጊዜ 6,800 ብር 20,400 ነው፤ ለሁለቱ የተሰጠው 3,400 ሲነሣለት 17,000 ይሆናል። ይህን እንደ ማስረጃ አቅርቦ ዝም አለ። እኔ ግን ከዚህ የሚበልጥ የመከላከያ ማስረጃ አላውቅም። በእርሱ ዘዴ ያው ግዢ ወዳጆቹን 34,000 ብር ያስወጣል፤ በእኛ ሥርዓት 17,000 ብቻ። አንድን ግዢ በመደመርና በመቀነስ ብቻ በግማሽ ያረከሰን ጉባኤ አላዋቂ ማለት ለሙያው የሚከብድ አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ነገሩ ደግሞ ይበልጥ ጠባብ ነበር። በጅምላ የተገዙትን ፍየሎች እኩል ዋጋ እንስጣቸው ካልን እያንዳንዱ 10,000 ብር ነው፤ ሻጩ ሁለቱን በ17,000 ስለወሰዳቸው 3,000 ብር ኪሳራ አለ። «ይህን ኪሳራ ማን ይሸከም?» ብሎ ጠየቀና ራሱ መለሰ። የሚወስነው ጉዳቱ ዕጣ ከመጣሉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው አለ። የታወረ ዓይን በአንድ ሌሊት አይታወርም፤ ፍየሉ ከገበያው የወጣው ዓይኑ እንዲሁ ሆኖ፣ አምስቱም እያዩት ነው። ስለዚህ በእርሱ ላይ የደረሰው 2,000 ብር ኪሳራ የአምስቱ ነው፤ ለየሰዉ 400 ብር። አንካሳው ግን ዕጣ ሲጣል በአራት እግሩ ቆሞ ነበር፤ ባለዕጣውም ራሱ ጎትቶ ከግድግዳ ጋር አጥብቆ አስሮት አድሯል። ስለዚህ 1,000 ብሩን እርሱ ብቻ ይቻለው። ለደላላና ለባጃጅ የወጣው 1,000 ብር ደግሞ ሁሉም የተገለገለበት ስለሆነ ለየሰዉ 200 ይድረሰው።

በዚህ ስሌት ፍየላቸውን ያስቀሩት ሦስቱ፣ ከፋዩን ጨምሮ፣ እያንዳንዳቸው 10,600 ብር፤ ዓይነ ስውሩን የመለሰው 600 ብር፤ አንካሳውን የመለሰው 1,600 ብር ይሆንባቸዋል። ሰውየው ሲደምረው 34,000 መጣና በራሱ ተደሰተ። ተመላሹን ያስገባው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እርሱንም በተመለሰው ፍየል ስም ነበር።

በዚህ ላይ ያለኝን ተቃውሞ በአክብሮት ላቅርብ። አንደኛ፣ አንካሳው የደረሰው ወዳጅ 2,200 ብር ሊቀበል ሲገባው 1,600 ብር እንዲከፍል ማድረግ በአንድ ሰው ላይ የ3,800 ብር ጭካኔ ነው፤ የሰውየውን ጠባይ ቅርብ ሆኜ ስለማውቀው ይህ እንደማይገባው መመስከር እችላለሁ። ገመዱንም እንደተባለው አጥብቆ አላሰረውም። ሁለተኛ፣ ስሌቱ አምስት ወዳጆችን በሦስት ዓይነት ዋጋ ይለያያቸዋል። የእኛም ቢሆን ይለያያል ይባል ይሆናል፤ የእኛ ግን ከመለያየቱ በፊት በእኩልነት ጀምሯል። ሦስተኛና ዋነኛው፣ የእርሱ ዘዴ የሚነሣው ከከፋዩ ኪስ ነው። የወዳጅን ኪስ መቁጠር በአገራችን ነውር ነው። የእኛ ጉባኤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ ከፋዩ ኪስ አንድ ጊዜ እንኳን ዞር ብሎ አላየም።

ሕግስ ምን ይላል የሚል አይጠፋም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ላይ፣ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ፣ አለበለዚያም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር በሌላ ማስረጃ እንደማይረጋገጥ ደንግጓል። የከፋዩን ወጪ ብድር ነው ብንለው፣ ጽሑፍ የለም። የእምነት ቃል ሊሰጡ የሚችሉት አራቱ ናቸው፤ አራቱም በሒሳቡ ሙሉ በሙሉ ረክተዋል። ከጠቅላላው ግብይት ከ500 ብር ያልበለጠው የደላላውና የባጃጁ ክፍያ ሲሆን፣ በምስክር ብቻ ሊቆሙ የሚችሉት እኒያ ሁለቱ መሆናቸው ነው። ሕጉ ለወዳጅነት ያደረገው ጥበቃ ይህን ያህል ነው። ብቸኛው ስጋት ቴሌብር ነው፤ የላከውንና የተቀበለውን በቀን፣ በሰዓትና በሳንቲም መዝግቦ መልእክት የሚልክ፣ አብሽር የማይገባው መሣሪያ ነው። ወደፊት እንዲህ ያለ ሒሳብ በጥሬ ብር ቢሆን ይመረጣል።

ዓለም በዚህ ጉዳይ ከእኛ የቱን ያህል ወደኋላ እንደቀረ ለማየት በብዙ አገር የሚነገረውን የሆቴል እንቆቅልሽ ማስታወስ ይበቃል። ሦስት መንገደኞች አሥር አሥር ዶላር አዋጥተው 30 ዶላር ለመኝታ ይከፍላሉ። ዋጋው 25 ነበር ተብሎ 5 ዶላር በአስተናጋጅ እጅ ይመለስላቸዋል። አስተናጋጁ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶላር ሰጥቶ 2 ዶላር ለራሱ ያስቀራል። መንገደኞቹ የከፈሉት ሦስት ጊዜ 9፣ 27 ነው፤ በአስተናጋጁ እጅ ያለው 2 ሲጨመርበት 29፤ አንዷ ዶላር የት ገባች? ይባላል። ሊቃውንቱ 2 ዶላሩ በ27 ውስጥ ያለ ስለሆነ ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም እያሉ ሲያስረዱ ኖረዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን የነገሩ ማነስ ነው። ለአንድ ዶላር ያን ያህል ጭንቀት! በባቲ 17,000 ብር በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲዛወር አንድም ሰው «የት ገባ?» ብሎ አልጠየቀም። መተማመን ማለት ይህ ነው።

የሥርዓቱ እውነተኛ ታላቅነት የሚገለጠው ግን ወደ ፍጹምነቱ ሲደርስ ነው። የባለፈው ሒሳብ ጉድለት ሁለት ፍየሎች ብቻ መመለሳቸው ነበር። አምስቱም በሙሉ ዋጋቸው ቢመለሱ ኖሮስ? እያንዳንዱ ወዳጅ ከ10,200 ብር ዕዳው ላይ ለመለሰው ፍየል 10,000፣ ከጋራው ተመላሽ ደግሞ ሌላ 10,000 ይቀነስለታል። አራቱ ወዳጆች እያንዳንዳቸው 9,800 ብር ከከፋዩ ይቀበላሉ። አንድም ፍየል አልታረደም፣ አንድም ፍየል አልተጎተተም፤ ግን አራት ቤተሰብ በረከት አገኘ። ከፋዩ 40,200 ብር ይጎድልበታል መባሉ እውነት ነው፤ ሆኖም የእርሱም ድርሻ በወረቀት ላይ 9,800 ብር ተቀባይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ይህን ገንዘብ የሚቀበለው ከማን እንደሆነ ጉባኤው በሌላ ጊዜ ያየዋል።

ስለዚህ ለመጪው አረፋ ሥርዓቱ በሰፊው እንዲሠራበት፣ ቁጥሩም ከአምስት ወደ አሥር ወዳጆች ከፍ እንዲል ሐሳብ ቀርቧል፤ እኔም ደግፌዋለሁ። ዘጠኙ ስማቸውን አስመዝግበዋል። አሁን የሚቀረው አንድ ቦታ ነው፤ እርሱም «አብሽሩ፤ እኔ ልክፈል» የሚለው ሰው ቦታ ነው። ያለፈው ዓመት ከፋይ ክብሩን ለሌላ ለመልቀቅ መፈለጉን በባለቤቱ በኩል አሳውቋል። የሒሳብ ሠራተኛውንም ጠይቀነው ነበር፤ ምንም ሳይመልስልን ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል።